E° ዜሮ ሆኖ ሴሉ እንዴት ኤሌክትሪክ ይሰጣል? የመዳብ ኮንሰንትሬሽን ሴልና ነፃ ኃይል

ጥያቄ፦ የመዳብ ኮንሰንትሬሽን ሴል ላይ ተቸግሬአለሁ። በአንዱ ብርጭቆ 1.0 ሞላር፣ በሌላው 0.010 ሞላር የመዳብ ሰልፌት አለ። የሴሉ መደበኛ ቮልቴጅ E° ዜሮ ከሆነ መደበኛው የነፃ ኃይል ለውጥ ΔG°ም ዜሮ ነው፤ ታዲያ ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል? በኔርንስት ቀመር ስሠራው −0.0592 ቮልት አገኛለሁ፤ የመጽሐፉ መልስ ግን +0.0592 ነው። ጓደኛዬ ደግሞ እኩልታውን ለሁለት አካፍሎ የኤሌክትሮኖቹን ቁጥር n=1 አድርጎ ሠራና ΔG −5.7 ኪሎጁል አገኘ፤ የእኔ −11.4 ነው። ይህ ሁሉ ሳያንስ ላብራቶሪ ውስጥ ስንለካው የወጣው 30 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። የትኛውን ልመን? መምህር ቢያስረዱኝ። እኅታችሁ።

ምላሽ፦

ከምልክቱ ልጀምር፤ ቶሎ የሚፈታው እርሱ ነው። ቀመሩን ከመንካትሽ በፊት በሴሉ ውስጥ የሚሆነውን በቃል ጻፊው። ሁለቱም ዘንጎች መዳብ ናቸው፤ በሁለቱም ብርጭቆዎች ውስጥ ያለው አዮን አንድ ዓይነት ነው። የሚለያዩት አንዱ ሙሙት ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን በመሆኑ ብቻ ነው። ሴሉ በራሱ ሲሠራ ይህን ልዩነት ወደ ማጥበብ ይሄዳል። በቀጭኑ ሙሙት ውስጥ የቆመው ዘንግ እየሟሟ አዮን ይጨምራል፤ በወፍራሙ ሙሙት ውስጥ ያለው አዮን ደግሞ ኤሌክትሮን እየተቀበለ መዳብ ሆኖ ዘንጉ ላይ ይለጠፋል።

```
አኖድ:  Cu → Cu²⁺(0.010) + 2e⁻
ካቶድ:  Cu²⁺(1.0) + 2e⁻ → Cu
ድምር:  Cu²⁺(1.0) → Cu²⁺(0.010)

Q = 0.010 / 1.0
E = 0 − (0.0592/2) log(0.010) = +0.0592 V
```

Q ከቀስቱ በስተቀኝ ያለው ክምችት በስተግራ ላለው ሲካፈል ነው፤ አንቺ ግን Q ላይ 1.0ን ከላይ፣ 0.010ን ከታች አድርገሽ ነው የሠራሽው። ስሌቱ ራሱ አልተሳሳተም። አሉታዊው ምልክት የሚነግርሽ የጻፍሽው ለውጥ በራሱ የማይሄድ፣ ከውጭ ባትሪ ካልተገጠመለት የማይሆን መሆኑን ነው። ያን ጊዜ አኖድና ካቶዱን ማገላበጥ ይበቃል። ነገር ግን «አኖድ ሁልጊዜ በቀጭኑ በኩል ነው» ብለሽ በቃል አትያዢው። እንደ መዳብ ላሉ የብረታ ብረት አዮኖች ልክ ነው፤ በብር ክሎራይድ የተሸፈኑ ሁለት የብር ኤሌክትሮዶችን በተለያየ መጠን ክሎራይድ በያዙ ሙሙቶች ውስጥ ብታቆሚ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ካቶዱ ክሎራይድ የሚለቅ ስለሆነ በቀጭኑ በኩል ይሆናል። ድምሩን እኩልታ ከጻፍሽ ምንም በቃል መያዝ አያስፈልግሽም፤ የቀጠነው በቀስቱ በስተቀኝ መሆኑን ማየት ይበቃል።

በነገራችን ላይ ይህ ጥያቄ ለፈተና የማልወደው ዓይነት ነው። የ0.010 ሎጋሪዝም −2 ነው፣ n ደግሞ 2 ነው፤ ሁለቱ ይጣፉና መልሱ ራሱ የቀመሩ ቋሚ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። አንድ ተማሪ nንም ሎጋሪዝሙንም ረስቶ 0.0592 ብሎ ቢጽፍ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። በ1.0 ፋንታ 0.50 ሞላር ቢሆን ኖሮ E 0.0503 ቮልት ይሆን ነበር፤ በዕድል የሚደርስበትም አይኖርም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ΔG° እና ΔG ሁለት የተለያዩ መጠኖች ናቸው፤ ሴሉ ሥራ የሚሠራው በሁለተኛው ነው። ΔG° የሚነግርሽ ሁሉም ነገር በመደበኛ ሁኔታ ላይ ቢሆን፣ ማለትም በሁለቱም ብርጭቆዎች ውስጥ 1 ሞላር ቢኖር ምን እንደሚሆን ነው። ሁለቱም 1 ሞላር ከሆኑ ግራና ቀኙ አንድ ነው፤ ምንም ነገር የሚንቀሳቀስበት ምክንያት የለም። ΔG° ዜሮ የሆነው ለዚህ ነው። ሚዛናዊነት ቋሚው Kም ከዚሁ የተነሣ 1 ይሆናል፤ ትርጉሙም ቀላል ነው፦ ሴሉ የሚቆመው ሁለቱ ክምችቶች ሲተካከሉ ነው። የአንቺ ብርጭቆዎች ግን በመቶ እጥፍ ይለያያሉ። ከሚዛን የራቁበትን መጠን የሚይዘው የሚከተለው እኩልታ ሁለተኛ ክፍል፣ RT ln Q፣ ነው።

```
ΔG = ΔG° + RT ln Q
ΔG = −nFE
```

R የጋዝ ቋሚ፣ T ሙቀት በኬልቪን፣ F የፋራዳይ ቋሚ ናቸው። ሁለቱን አገናኝተሽ ለ−nF ብታካፍይ የኔርንስት ቀመር ራሱ ይወጣል። ስለዚህ ቀመሩ ከነፃ ኃይል እኩልታ የተለየ ሌላ ሕግ አይደለም፤ ያው እኩልታ በቮልት ተጽፎ ነው። ዋልተር ኔርንስትም በ1889 ያወጣው ስለ አዮኖች ስርጭትና በክምችት ልዩነት ስለሚፈጠር ቮልቴጅ ሲመረምር ነበር፤ ኮንሰንትሬሽን ሴል መማሪያ መጻሕፍት እንደሚያስቀምጡት የምዕራፉ ጭራ ሳይሆን የቀመሩ መነሻ ነው ማለት ይቻላል።

በሁለቱም መንገድ አስይው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፦

```
ΔG = 8.314 × 298.15 × ln(0.010) = −11,400 J/mol
ΔG = −2 × 96,485 × 0.0592       = −11,400 J/mol
```

አንድ ሞል የመዳብ አዮን ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲሸጋገር ቢበዛ 11.4 ኪሎጁል የኤሌክትሪክ ሥራ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ይህ ኃይል ከየት መጣ? ዳንኤል ሴል ውስጥ ዚንክ ይበላል፣ መዳብ ይወጣል፤ የኬሚካዊ ትስስር ልዩነት አለ። እዚህ ግን አንድ ዘንግ ላይ የጠፋው መዳብ ሌላው ላይ ይመጣል፤ በድምሩ የተቃጠለ ወይም የተበላ ነገር የለም። ሙሙቶቹ እንደ ሐሳባዊ ሙሙት ቢታዩ ΔH ዜሮ ነው። የቀረው ኢንትሮፒ ብቻ ነው። አዮኑ ከጠባብ ስፍራ ወደ ሰፊ ስፍራ የመበተን ያህል ነፃነት ያገኛል፤ መጠኑም R ln 100፣ ማለትም በአንድ ሞል 38.3 ጁል በኬልቪን ነው። ይህን በ298.15 ኬልቪን ብታባዢው 11.4 ኪሎጁል ይመጣልሻል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ተማሪ ሲሰማው የማያምነው ነው። ሴሉ በጣም በዝግታ ሲሠራ ለአምፖሉ ወይም ለሞተሩ የሚሰጠውን ሥራ በሙሉ ከአካባቢው አየርና ከጠረጴዛው በሚወስደው ሙቀት ይተካል። ሥራ እየሰጠ ይቀዘቅዛል እንጂ አይሞቅም። ሕግ አልተጣሰም፤ ሙቀቱን ወደ ሥራ የሚለውጠው ክምችቶቹ እስኪተካከሉ ድረስ ብቻ ነውና ዑደት አይሠራም። ሁለቱን ሙሙቶች በአንድ ባልዲ ውስጥ ብትደባልቂያቸው መጨረሻው ያው ነው፤ ያ ሁሉ ሥራ ግን ሳይሠራ ይቀራል።

ጓደኛሽን በተመለከተ፣ አልተሳሳተም፤ አንቺም አልተሳሳትሽም። እርሱ የጻፈው ለውጥ የግማሽ ሞል መዳብ ነው፦ ½Cu²⁺(1.0) → ½Cu²⁺(0.010)። በዚህ ጊዜ n=1 ይሆናል፤ Qም ወደ ግማሽ ኃይል ከፍ ይላል፣ ማለትም 0.010 ሳይሆን ስኩዌር ሩቱ 0.10 ይሆናል። E እንደገና 0.0592 ቮልት ነው፤ ΔG ደግሞ −5.7 ኪሎጁል። ቮልቴጅ እንደ ኪሎ ዋጋ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ብትገዢ የምትከፍዪው ሒሳብ ይቀንሳል እንጂ የኪሎው ዋጋ አይቀየርም። ΔG ግን የተከፈለው ሒሳብ ነው። ስለዚህ ΔG ስትጽፊ ምንጊዜም የትኛው እኩልታ እንደሆነ አብረሽ ጻፊ፤ ያለ እኩልታ «−11.4» የሚል ቁጥር ጎዶሎ ነው። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት nን 1 አድርገው Qን እንዳለ ሲተዉት ነው፤ ያን ጊዜ E 0.118 ይወጣል።

0.118 ካነሣን ዘንድ፣ ይህ ቁጥር ትክክለኛ መልስ የሚሆንበት ሴል አለ። መዳቡን በብር ተክተሽ የብር ናይትሬት ሙሙቶችን በዚያው 1.0 እና 0.010 ብታደርጊ n=1 ነው፣ Qም 0.010 ነው። E 0.118 ቮልት ይሆናል፤ የመዳቡ እጥፍ። ΔGን አስይ፦ −1 × 96,485 × 0.118፤ ያው −11.4 ኪሎጁል። አንድ ሞል አዮን መቶ እጥፍ ሲቀጥን የሚለቀው ነፃ ኃይል ብርም ሆነ መዳብ አንድ ነው፤ መዳቡ በሁለት ኤሌክትሮኖች ላይ ያካፍለዋል፣ ብሩ ለአንዱ ሁሉንም ይሰጠዋል። ቮልቴጅ ማለት ነፃ ኃይል ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮን ሲደርሰው ማለት መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ስሌት አላውቅም።

መማሪያ መጻሕፍት ቸል የሚሉት አንድ ነገር አለ። «በአንድ ሞል 11.4 ኪሎጁል» የሚለው ክምችቶቹ በዚያው ሬሾ ላይ ቢቆዩ ነው። እውነተኛ ብርጭቆ ውስጥ ግን አይቆዩም። በየብርጭቆው አንድ ሊትር አለ እንበል። 0.09 ሞል መዳብ ሲሸጋገር፣ በክብደት 5.7 ግራም ያህል ነው፣ ቀጭኑ 0.10 ሞላር፣ ወፍራሙ 0.91 ሞላር ይሆናሉ። ሬሾው ከመቶ ወደ 9.1 ወርዷል፤ Eም 0.028 ቮልት ብቻ ነው። ወፍራሙ ገና ዘጠኝ በመቶ ብቻ ቀንሶ ሳለ ቮልቴጁ ከግማሽ በታች ወርዷል። ምክንያቱ ቀጭኑ በኩል ነው፤ ትንሽ አዮን ሲጨመርበት በአሥር እጥፍ ይበዛል፣ ሎጋሪዝም ደግሞ የሚያየው እጥፉን ነው። ሁለቱም 0.505 ሞላር እስኪሆኑ ድረስ 0.495 ሞል ይሸጋገራል። መንገዱን ሙሉ ብትደምሪው ከፍተኛው ሥራ 1.6 ኪሎጁል ገደማ ነው። 11.4ን በ0.495 ያባዛ ሰው ግን 5.6 ኪሎጁል ያገኛል፤ ከእውነቱ ሦስት እጥፍ ተኩል። ስለዚህ −11.4ን እንደ ቁልቁለት ተመልከቺው፦ በዚያች ቅጽበት ለውጡ ምን ያህል እንደሚገፋ ይናገራል እንጂ ሴሉ እስኪሞት የሚሰጠውን አይናገርም። ጥያቄው «ሴሉ በአጠቃላይ ምን ያህል ሥራ ይሰጣል» ካለ ግን የተሸጋገረውን መጠን እየተከተልሽ መደመር አለብሽ።

የቀረው ላብራቶሪው ነው። መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚያሳብብበትን ሙቀት እናስወግደው። ክፍላችሁ 25 ሳይሆን 20 ዲግሪ ቢሆን 0.0592 ወደ 0.0582 ይወርዳል፤ ለውጡ አንድ ሚሊቮልት ነው። የጎደለባችሁ ግን 29 ነው።

እውነተኛው ምክንያት የመዳብ ሰልፌት ጠባይ ነው። በቀመሩ ውስጥ መግባት ያለበት ክምችት ሳይሆን አክቲቪቲ ነው፤ አዮኑ በሌሎች ሳይያዝ በነፃ የሚኖረው ያህል የሚሠራበት መጠን ማለት ነው። Cu²⁺ እና SO₄²⁻ ሁለቱም እጥፍ ቻርጅ ስላላቸው አጥብቀው ይሳሳባሉ፤ ሙሙቱ ሲወፍር ብዙው መዳብ ከሰልፌት ጋር ተጣምሮ ይቀራል። በ0.010 ሞላር የመዳብ ሰልፌት አማካይ የአክቲቪቲ ቁጥር 0.4 አካባቢ ነው። በ1.0 ሞላር ግን 0.04 አካባቢ ብቻ ነው። አስይው፦

```
a(ወፍራም) ≈ 1.0 × 0.04  = 0.04
a(ቀጭን)   ≈ 0.010 × 0.4 = 0.004
E ≈ (0.0592/2) log(0.04/0.004) ≈ 0.030 V
```

ወረቀት ላይ መቶ እጥፍ የነበረው ልዩነት ለኤሌክትሮዱ አሥር እጥፍ ብቻ ሆኖ ይታየዋል። የእናንተ 30 ሚሊቮልት የብልሽት ምልክት አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ልኬት ይመስላል። በዚህ ቮልቴጅ ΔG −5.8 ኪሎጁል በሞል ይሆናል፤ ለእነዚህ ሁለት ሙሙቶች ከ−11.4 ይልቅ ለእውነት የቀረበው ይህ ነው፤ ትክክለኛው ΔG ሁልጊዜ ከትክክለኛው E ይወጣልና። ይህ ቁጥር ከጓደኛሽ −5.7 ጋር መቀራረቡ እንዳያሳስትሽ፤ የእርሱ የግማሽ ሞል ሐሳባዊ ስሌት ነው፣ ይህ የአንድ ሙሉ ሞል ልኬት ነው፤ የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። ፈተና ላይ «ሐሳባዊ ሙሙት ነው ብለሽ ሥሪ» ካለ ወይም ምንም ካላለ 0.0592 እና −11.4 ጻፊ። የላብራቶሪ ዘገባ ላይ ግን የለካችሁትን ጻፉ፤ ልዩነቱንም በዚህ አስረዱ።

ያም ሆኖ ሌሎች ስሕተቶች በዚህ ውስጥ መደበቃቸውን ማጣራት ተገቢ ነው። ሁለቱንም ዘንጎች በሸካራ ወረቀት ጠርጋችሁ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ሙሙት አቁሟቸው። ቮልትሜትሩ ዜሮ ወይም ከአንድ ሁለት ሚሊቮልት ያልበለጠ ማሳየት አለበት። ከዚያ በላይ ካሳየ ዘንጎቹ ራሳቸው ይለያያሉ፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ላይ ኦክሳይድ ወይም ቅባት አለ። ሁለተኛው ማጣሪያ ዘንጎቹን በሁለቱ ብርጭቆዎች መካከል ማለዋወጥ ነው። ቮልቴጁ በሙሙቱ ምክንያት ከሆነ መጠኑ ያው ሆኖ ከዘንጎቹ አንጻር ምልክቱ ይገለበጣል፤ መጠኑ ከተለወጠ የልዩነቱ ግማሽ የዘንጎቹ ድርሻ ነው። የጨው ድልድዩም የራሱን ጥቂት ሚሊቮልት ይጨምራል፤ በፖታሲየም ናይትሬት ወይም በፖታሲየም ክሎራይድ በደንብ የተሞላ ድልድይ ይህን ያሳንሰዋል። ወረቀት በቧንቧ ውሃ አርሶ ማገናኘት ግን ያበላሸዋል።

መምህራችሁ የቀመሩን ውጤት በዓይን ማሳየት ከፈለጉ ሌላ አሠራር አለ፤ እኔም ለተማሪዎቼ የምመርጠው እርሱን ነው። በመዳብ ሰልፌት ፋንታ የመዳብ ናይትሬት ተጠቀሙ፤ አንዱን 0.020 ሞላር፣ ሌላውን 0.0010 ሞላር አድርጉት። ሁለቱንም ግን በ1 ሞላር ፖታሲየም ናይትሬት ውስጥ አዘጋጇቸው። የጀርባው ጨው ከመዳቡ እጅግ ስለሚበልጥ በሁለቱም ብርጭቆዎች ውስጥ የመዳብ አዮን የሚኖርበት አካባቢ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ የአክቲቪቲ ቁጥሮቹ ይተካከሉና በሬሾው ውስጥ ይጣፋሉ። ያን ጊዜ ክምችቱን በቀጥታ ማስገባት ይቻላል፦ ሬሾው 20፣ E 38.5 ሚሊቮልት፣ ΔG −7.4 ኪሎጁል በሞል። ሞላሪቲውን ከ0.0010 በታች አታውርዱት፤ በጣም በቀጠነ ሙሙት ውስጥ በውሃው የሟሟው ኦክስጅን መዳቡን ስለሚበላ የዘንጉን ቮልቴጅ የሚወስነው የመዳብ አዮኑ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ይህም የሚታወቀው ቮልትሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር አልረጋ ብሎ ሲንሸራተትና ብርጭቆውን ስታናውጪው ሲዘል ነው።